ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ሲስተሙ ግን «ተሳስተሃል» ይላል፦ ከዎርድፕረስ 6.8 በኋላ ሎግ ኢን ማድረግ ያቃታቸው ሰዎች ጉዳይ

«ፓስወርዴን አልቀየርኩም፣ ትናንት ገብቼበታለሁ፣ ዛሬ ግን አያስገባኝም።» ዌብሳይት የሚያስተዳድር ሰው እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲደርሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰውዬው ፓስወርዱን ረስቷል ብሎ ነው። ሁለተኛው ሰው ሲጽፍለት ደግሞ ያው ብሎ ያልፈዋል። አሥረኛው ሲደርስ ግን «ተጠልፈን ይሆን እንዴ?» ማለት ይጀምራል።

ብዙ ጊዜ ጠለፋ አይደለም። ሰዎቹም አልተሳሳቱም። የተቀየረው ፓስወርዳቸው ሳይሆን ዌብሳይቱ ፓስወርዱን የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። እዚህ ላይ ችግሩን በቅጡ ሳይረዱ የሚወሰድ የችኮላ እርምጃ፣ ለምሳሌ «ሁላችሁም ፓስወርድ ቀይሩ» ብሎ ማስታወቂያ መልቀቅ፣ ጉዳዩን እንደሚያብሰው እናሳያለን። የምናየው ጉዳይ የዎርድፕረስ 6.8 ነው፤ ምክንያቱም የአማርኛ የዜና ጣቢያዎች፣ የማኅበራትና የቤተ ክርስቲያን ገጾች፣ እዚህም ሆነ በውጭ አገር ያሉት፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት በዎርድፕረስ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ፦ ፓስወርድ እንዴት ነው የሚቀመጠው?

በትክክል የተሠራ ዌብሳይት ፓስወርዳችሁን አያውቀውም። በዳታቤዙ ውስጥ የሚያስቀምጠው ሃሽ የሚባል ነገር ነው። በርበሬ ወፍጮ ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ዛላውን መልሶ ማግኘት አይቻልም አይደል? ሃሽም እንደዚያ ነው። ፓስወርዱ በአንድ ስሌት ውስጥ ያልፍና የተዘበራረቀ የፊደልና የቁጥር ድርድር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ድርድር ተነስቶ ፓስወርዱን መልሶ የሚያወጣ ስሌት የለም።

ታዲያ ሎግ ኢን ስናደርግ እንዴት ያውቀናል? አሁን የጻፍነውን ፓስወርድ እንደገና በዚያው ወፍጮ ይፈጨዋል፤ ከዚያ የወጣውን ዱቄት ካስቀመጠው ዱቄት ጋር ያስተያየዋል። አንድ ከሆነ ያስገባል፣ ከተለየ ይመልሳል። ስለዚህ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ወፍጮው ከተለየ ዱቄቱ አይመሳሰልም። የዛሬው ጉዳያችን ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ምን ተቀየረ?

ዎርድፕረስ ከ2008 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ፣ ማለትም ከ2.5 ቨርዥን ወዲህ፣ ፒኤችፓስ በሚባል አሠራር ነበር ፓስወርድ የሚፈጨው። ኤምዲ5 የሚባለውን ስሌት 8,192 ጊዜ ደጋግሞ ያስኬዳል። ያኔ በቂ ነበር። ዛሬ ግን የግራፊክስ ካርድ ያለው ሌባ የተሰረቀ ዳታቤዝ ይዞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፓስወርዶችን በግምት በጣም በፍጥነት መሞከር ይችላል፤ ምክንያቱም ኤምዲ5 ለእንደዚህ ዓይነት ካርድ ቀላል ሥራ ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 2025፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የወጣው ዎርድፕረስ 6.8 ይህንን ትቶ ቢክሪፕት ወደሚባለው ተሻገረ። ቢክሪፕት ሆን ተብሎ ዘገምተኛ እንዲሆን የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ዙር ከባድ ነው፣ ሜሞሪም ስለሚፈልግ በግራፊክስ ካርድ እንደ ኤምዲ5 በቀላሉ አይሮጥም። ለአንድ ሎግ ኢን ልዩነቱ አይታወቃችሁም። ሚሊዮን ጊዜ ለሚገምት ሌባ ግን ትልቅ ጣጣ ነው። ለውጡ በራሱ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም የዘገየ ነው።

ሁለቱን በዓይን መለየት ቀላል ነው። በዳታቤዙ `wp_users` ሠንጠረዥ ውስጥ `user_pass` የሚል ዓምድ አለ። አሮጌው ሃሽ በ`$P$` ይጀምራል። አዲሱ በ`$wp$2y$` ይጀምራል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ በኋላ ትፈለጋለች።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ አሮጌው ዱቄት ወደ ዛላ የማይመለስ ከሆነ፣ ዎርድፕረስ እንዴት አድርጎ ነው ወደ አዲሱ ወፍጮ ያሸጋገረው? መልሱ፦ አላሸጋገረም፣ ይጠብቃል። አፕዴት ባደረጋችሁበት ደቂቃ አንድም ሃሽ አይቀየርም። 6.8 ሁለቱንም ማንበብ ይችላል። ሰውዬው መጥቶ ፓስወርዱን ሲጽፍ ግን ዌብሳይቱ ለአፍታ ትክክለኛውን ፓስወርድ እጁ ላይ ያገኛል። በአሮጌው መንገድ ያረጋግጠዋል፣ ትክክል ከሆነ እዚያው በአዲሱ ፈጭቶ በአሮጌው ቦታ ይተካዋል። ማለትም ሽግግሩ የሚካሄደው ሰው በሰው፣ እያንዳንዱ ሎግ ኢን ባደረገበት ሰዓት ነው።

ዎርድፕረስ ብቻውን ቢሆን በዚህ ምክንያት የሚቸገር ሰው አይኖርም ነበር። ችግሩ የሚመጣው ያንን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሌላ ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው

እንበል አንድ ማኅበር 600 አባላት የተመዘገቡበት የዎርድፕረስ ዌብሳይት አለው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ የሞባይል አፕ ሠርቶላቸዋል። አፑ አባላቱን ለማስገባት ዎርድፕረስን አይጠይቅም። በቀጥታ `wp_users` ሠንጠረዥ ውስጥ ገብቶ `$P$` ያለውን ሃሽ በራሱ ኮድ ያነባል። ሠርቷል፣ ማንም አልነካውም።

ማክሰኞ ዕለት ዌብሳይቱ ወደ 6.8 ተሻሻለ። ማክሰኞ ምንም ችግር የለም። አስተዳዳሪው በዌብሳይቱም በአፑም ሞከረ፣ ሁለቱም ሠሩ፤ አዲስ ሎግ ኢን ሳያደርግ ቀድሞ ገብቶ በነበረበት ነው ዌብሳይቱን ያየው። «አለቀ» ብሎ ተኛ።

ረቡዕ ሐና በላፕቶፗ ዌብሳይቱ ላይ ሎግ ኢን አደረገች። ሃሿ ወደ `$wp` ተቀየረ። ማታ አፑን ከፈተች፣ «ፓስወርድ ተሳስቷል» አላት። ዮናስ ደግሞ ዌብሳይቱን ከፍቶ አያውቅም፣ በአፑ ብቻ ነው የሚጠቀመው። የእሱ ሃሽ አሁንም `$P$` ስለሆነ አፑ ያስገባዋል። ሁለቱ ቢደዋወሉ ሐና «አፑ ተበላሽቷል» ትላለች፣ ዮናስ «የለም፣ ይሠራል» ይላታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ይህን ችግር ከሌላ ችግር የምትለዩበት ምልክት ይሄው ነው። ሰርቨር ቢበላሽ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይቸገራል። ጠለፋ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ምልክት ይኖራል፣ የማታውቁት አስተዳዳሪ ወይም ያልለጠፋችሁት ጽሑፍ። እዚህ ግን የሚቸገሩት ሰዎች በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጨምራሉ፣ ደግሞም ቀድመው የሚቸገሩት በጣም ንቁ የሆኑት አባላት ናቸው። ብዙ ሎግ ኢን የሚያደርግ ሰው ቀድሞ ይሸጋገራልና።

አስተዳዳሪው መገመት ሳያስፈልገው በአንድ መስመር ማረጋገጥ ይችላል፦

```sql
SELECT LEFT(user_pass, 3) AS kind, COUNT(*)
FROM wp_users GROUP BY kind;
```

እንበል ከሳምንት በኋላ መልሱ `$P$` 410፣ `$wp` ደግሞ 190 ሆነ። ከዚያ ቅሬታ ያቀረቡትን ሰዎች ስም ይዞ የእነሱን ሃሽ ያያል። ሁሉም ከ190ዎቹ ውስጥ ከሆኑ ነገሩ ታውቋል። የተቀላቀሉ ከሆኑ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፣ ሌላ ቦታ ይፈለግ።

ነገሩን የሚያብሱ ሁለት መፍትሔዎች

አንደኛው «ሁላችሁም ፓስወርዳችሁን ቀይሩ» የሚለው ነው። ለሰሚው ምክንያታዊ ይመስላል። ግን አዲስ ፓስወርድ ሲወጣ የሚፈጨው በአዲሱ ወፍጮ ነው። ዮናስ ማስታወቂያውን አምኖ ፓስወርዱን ሲቀይር ሃሹ `$wp` ይሆናል፣ እስከ ትናንት ያስገባው የነበረው አፕም ይዘጋበታል። ሐና ደግሞ አሥር ጊዜ ብትቀይር ለውጥ የለውም። ማለትም ማስታወቂያው የተቸገሩትን 190 ሰዎች አይፈታም፣ ያልተቸገሩትን 410 ይጨምርባቸዋል። በዚያ ላይ «ፓስወርድ ቀይሩ» የሚል መልእክት የሚጠበቅበት ሳምንት ለአጭበርባሪ ሠርግ ነው። ተመሳሳይ ገጽ ሠርቶ ሊንክ ቢልክ ሰው ሳይጠራጠር ይጽፍለታል።

ሁለተኛው «ወደ አሮጌው ቨርዥን እንመለስ» የሚለው ነው። ፋይሎቹ ወደ 6.7 ይመለሳሉ፣ ዳታቤዙ ግን ባለበት ነው። 6.7 ደግሞ `$wp` የሚል ሃሽ ምን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ እስካሁን አፑ ብቻ የተዘጋባቸው 190 ሰዎች አሁን ዌብሳይቱም ይዘጋባቸዋል። ከእነሱ መካከል ደግሞ በብዛት የሚገቡት አዘጋጆቹና አስተዳዳሪው ራሱ ይገኙበታል። ያኔ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት ይሄ ነው፦

`Error: The password you entered for the username hana is incorrect.`

መልእክቱ «ይህን ሃሽ ማንበብ አልቻልኩም» ቢል ኖሮ ግማሹ ጭንቀት ይቀር ነበር። ሲስተሙ ግን ሁለቱን አይለይም። ማንበብ ያልቻለውንም፣ ያልተመሳሰለውንም «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ነው የሚለው።

«እሺ፣ ዳታቤዙንም ከባካፕ እንመልሰው» የሚል ሰው ይኖራል። ሃሾቹ በርግጥ ይመለሳሉ። ግን በዚያ ሳምንት የተለጠፈው ጽሑፍ፣ የተመዘገበው አባል፣ የገባው ትእዛዝ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለአንድ የዜና ጣቢያ የሳምንት ሥራ ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ ችግሩ በጥቂት መስመር ኮድ የሚፈታ ሆኖ ሳለ።

ትክክለኛው መፍትሔ የት ነው?

አንባቢውን ማስተማር ነው። ዳታቤዙ ጤነኛ ነው፣ ፓስወርዶቹም አልጠፉም። አዲሱን ሃሽ ማንበብ የማያውቀው አፑ ነው፣ ስለዚህ የሚስተካከለውም አፑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጎበዝ የሆኑ ፕሮግራመሮችም የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ሃሹን ሲያዩት ከ`$wp` ቀጥሎ `$2y$` የሚለውን የታወቀ የቢክሪፕት ምልክት ያገኙበታል። «እንግዲያው የፊቱን ሦስት ምልክት ቆርጬ በተለመደው ቢክሪፕት አረጋግጣለሁ» ይላሉ። አይሠራም። ምክንያቱም ዎርድፕረስ ፓስወርዱን ወደ ቢክሪፕት ከመስጠቱ በፊት ሻ-384 በሚባል ሌላ ስሌት ያሳልፈዋል። `$wp` የሚለው ምልክት የተለጠፈውም ይህን ለመናገር ነው።

ለምን ሁለቴ? ቢክሪፕት የሚያየው የፓስወርዱን የመጀመሪያ 72 ባይት ብቻ ስለሆነ ነው። ይሄ ለእኛ ከሌላው ይበልጥ ይመለከተናል። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 72 ባይት ማለት በእንግሊዝኛ 72 ፊደል፣ በአማርኛ ግን 24 ፊደል ብቻ ነው። አንድ ሰው የ30 ፊደል የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፓስወርድ ቢያደርግ በተራው ቢክሪፕት የመጨረሻዎቹ 6 ፊደላት ቢኖሩም ባይኖሩም ለውጥ የላቸውም። ዎርድፕረስ ቀድሞ በሻ-384 ስለሚያሳልፈው ፓስወርዱ የቱንም ያህል ቢረዝም 64 ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ ምንም አይቆረጥም።

ስለዚህ አፑ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ኮድ ይሄን ይመስላል፦

```php
if ( str_starts_with( $hash, '$wp' ) ) {
    $p = base64_encode( hash_hmac(
        'sha384', trim( $password ), 'wp-sha384', true ) );
    $ok = password_verify( $p, substr( $hash, 3 ) );
}
```

`$P$` ያለው ሲመጣ ደግሞ አሮጌው ኮድ ይቀጥላል፣ አይጣልም። 410ሩ ሰዎች ገና አልተሸጋገሩምና።

የአፑ ሠሪ ካልተገኘ ወይም ማስተካከያው ጥቂት ቀናት የሚፈልግ ከሆነ፣ በመሀል ሽግግሩን ማስቆም ይቻላል። ይህች መስመር በዌብሳይቱ ላይ ስትጨመር ሰዎች ሎግ ኢን ሲያደርጉ ሃሻቸው አይቀየርም፦

```php
add_filter( 'password_needs_rehash', '__return_false' );
```

ግን ወሰን አላት። የተሸጋገሩትን 190 ሰዎች አትመልስም። አዲስ የሚመዘገብ ወይም ፓስወርድ የሚቀይር ሰውም በአዲሱ መንገድ ነው የሚቀመጠው። ደሙን ታቆማለች እንጂ ቁስሉን አታድንም፤ አፑ ሲስተካከል ወዲያው መነሳት አለባት።

ዘላቂው መፍትሔ ግን አፑ ሠንጠረዡን በቀጥታ ማንበቡን ትቶ «ይሄ ፓስወርድ ትክክል ነው ወይ?» ብሎ ዎርድፕረስን ራሱን መጠየቁ ነው። ያኔ ነገ ሌላ ወፍጮ ቢመጣ አፑን አይመለከተውም።

ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው ጥያቄው የጊዜ ቅደም ተከተል ሆኖ እናገኘዋለን። በአዲሱ መንገድ መጻፍ ከመጀመሩ በፊት፣ የሚያነቡት ሁሉ ማንበብ መቻል ነበረባቸው። በማኅበሩ ጉዳይ ጸሐፊው ማክሰኞ ጀመረ፣ አንዱ አንባቢ ግን አልተነገረውም።

ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ የሠራ ምሳሌ አለ። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ከኤምዲ5 ወደ ስክራም ሲሻገር፣ መጀመሪያ በ2017 በወጣው ቨርዥን 10 አዲሱን መንገድ ማንበብ ተማረ፣ ግን ሳይጠየቅ አልጻፈበትም። ሳይጠየቅ መጻፍ የጀመረው በ2021 በቨርዥን 14 ነው። የአራት ዓመት ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። ያም ሆኖ አሮጌ ፕሮግራም ይዘው የቀሩ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱም በራቸው ተዘጋ። ልዩነቱ መልእክቱ ላይ ነው፦

`SCRAM authentication requires libpq version 10 or above`

ይህን ያየ ሰው ፓስወርዱን ደጋግሞ አይሞክርም፣ ማንንም ጠለፋ ብሎ አይጠረጥርም። የቱ ነገር እንዳረጀ በስሙ ተነግሮታል።

የቀሩት 410 ሰዎች

ስለተዘጋባቸው ሰዎች ስናወራ የማይጮሁትን እንዳንረሳ። ከ410ዎቹ ውስጥ ዮናስን የመሳሰሉ አሉ፤ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ተመዝግቦ ያልተመለሰ፣ ከማኅበሩ የለቀቀ የቀድሞ አዘጋጅም ይኖራል። እነዚህ ሰዎች ዌብሳይቱ ላይ ሎግ ኢን ስለማያደርጉ ሃሻቸው አይሸጋገርም። ከአምስት ዓመት በኋላም በአሮጌው ደካማ መንገድ ተቀምጦ ይቆያል። ዳታቤዙ አንድ ቀን ቢሰረቅ ሌባው የሚጀምረው ከእነሱ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ የአስተዳዳሪ መብት ካለው ደግሞ ሌላውን ሁሉ መንካት አያስፈልገውም።

ስለዚህ ከላይ ያለውን የSQL መስመር አንድ ጊዜ ብቻ አስኪዶ መተው አይበቃም። ከስድስት ወር በኋላ ደግማችሁ አስኪዱት። ያኔም `$P$` ላይ ያሉትን ስም በስም እዩ። የአዘጋጅ ወይም የአስተዳዳሪ መብት ያለው ካገኛችሁ መብቱን አንሱ፣ የሚመለስ ከሆነ በአዲስ ፓስወርድ ይመለሳል።

ለተጠቃሚዎች ደግሞ፦ አፕ አልገባም ሲላችሁ ፓስወርድ ከመቀየራችሁ በፊት የዌብሳይቱን አድራሻ ራሳችሁ ጽፋችሁ በብራውዘር ሞክሩ። ዌብሳይቱ አስገብቶ አፑ ከከለከለ ፓስወርዳችሁ ደህና ነው፣ መስተካከል ያለበት አፑ ነው። ለአስተዳዳሪው ስትጽፉም «አልገባ አለኝ» ብቻ ሳይሆን «በዌብሳይቱ ይገባል፣ በአፑ አይገባም፣ መጀመሪያ ዌብሳይቱ ላይ የገባሁት ረቡዕ ነው» በሉት። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የብዙ ቀን ፍለጋ ታሳጥርለታለች።